ምዕራፉን አታሳጥረው፣ ከሠንጠረዡ ጀምር

«የቴሲሴ አራተኛ ምዕራፍ 38 ገጽ ነው። እሱን በ250 ቃል አብስትራክት አድርገህ አምጣ ተባልኩ። መነሻ፣ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ መደምደሚያ የሚሉ ክፍሎች ሊኖሩት ይገባል። ሦስት ቀን ሙሉ ስቆርጥ ስቀጥል ቆየሁ፣ ከ600 ቃል በታች አልወርድ አለኝ። የሠራችሁት ካላችሁ እንዴት ነው ያሳጠራችሁት?»

ወንድሜ፣ 600 ላይ የተጣበቅከው ምዕራፉን ከላይ ወደ ታች እያሳጠርክ ስለመጣህ ይመስለኛል። እኔም የመጀመሪያዬን እንደዛ ነው የሠራሁት። መግቢያዬን በጣም ስለምወደው እሱን ለመቁረጥ አንጀቴ አልቻለም። ውጤት ላይ ስደርስ ቃሉ አልቋል። ውድቅ ሆኖ ሲመለስ ገምጋሚው የጻፈልኝ አንድ መስመር ነበር፦ «ታዲያ ምን አገኘህ?» ተናድጄ ቃሎቹን ቆጠርኳቸው። ከ250ው 110ሩ መነሻ ሆኖ አገኘሁት። ውጤቴ «ከፍተኛ ልዩነት ታይቷል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች።

ከዛ ወዲህ የምሠራው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ምዕራፉን እዘጋዋለሁ፣ ሠንጠረዦቹን ብቻ አትሜ ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ። ከነዚህ አንዷን ረድፍ ብቻ አሳይ ብባል የቷን አሳያለሁ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። የመረጥኳት ረድፍ የአብስትራክቱ እምብርት ትሆናለች። ሌላው ሁሉ እሷን ለማስረዳት የሚጻፍ ነው፣ የማያስረዳት ይወጣል።

በምሳሌ ልሂድ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የፈጠርኳቸው ናቸው፣ አካሄዱን ብቻ ተመልከት። ቴሲሱ ስለ ነርሶች የሥራ ጫና ነው እንበል። አራተኛው ምዕራፍ የሌሊት ፈረቃንና እንቅልፍን ይመለከታል። ስምንት ሠንጠረዥ አለው፦ ዕድሜ፣ የትዳር ሁኔታ፣ ቡና መጠጣት፣ የሥራ ክፍል፣ ብቻ ያልተለካ ነገር የለም። የምትመረጠው ረድፍ ግን በወር ብዙ ሌሊት የሚሠሩትን ጥቂት ሌሊት ከሚሠሩት ጋር የምታነጻጽረዋ ናት።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጽፈው ውጤቱን ነው፣ እንዲህ፦

«ከ371 ነርሶች 201ዱ (54.2%) ደካማ እንቅልፍ ነበራቸው። በወር ከ7 ሌሊት በላይ ከሚሠሩት 168 ነርሶች 112ቱ (66.7%)፣ 7 ወይም ከዚያ በታች ከሚሠሩት 203 ደግሞ 89ኙ (43.8%) እንቅልፋቸው ደካማ ነበር። ዕድሜ፣ ልጅ መኖርና የሥራ ክፍል ግምት ውስጥ ሲገቡ ኦድስ ሬሺዮው 2.1 ሆኗል (95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ1.3 እስከ 3.4)።»

በቃ። «ልዩነቱ ጉልህ ነው (p<0.05)» ብቻውን ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። ልዩነቱ 2% ይሁን 22% አያውቅም። ከመቶኛው ጋር ሁልጊዜ ከስንቱ ስንቱ እንደሆነ አስቀምጥ። ኢንተርቫሉ ካለ p ን ብትተዋት ብዙም አትጎዳም፣ የምትልክበት ቦታ ካልጠየቀ በቀር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ፣ እኔም ወድቄበታለሁ። ኦድስ ሬሺዮ 2.1 ስታይ «ብዙ ሌሊት የሚሠሩት እንቅልፋቸው ደካማ የመሆን ዕድሉ በ2.1 እጥፍ ይበልጣል» ብለህ መጻፍ ያምርሃል። ልክ አይደለም። ዕድሜና ሌሎቹ ግምት ውስጥ ሳይገቡ ያለውን ቁጥር በእጅህ ብትሠራው ይገባሃል። በመጀመሪያው ቡድን 112 ደካማ፣ 56 ደህና ናቸው፣ ስለዚህ ኦድሱ 2 ነው። በሁለተኛው 89 ለ114 ነው፣ ኦድሱ 0.78 ገደማ። ሁለቱን ስታካፍል 2.56 ይመጣል። መቶኛዎቹን ስታካፍል ግን፣ 66.7 ለ43.8፣ የሚመጣው 1.5 ነው። ነገሩ ብርቅ ሲሆን ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ። እዚህ ግን ከነርሶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደካማ እንቅልፍ ስላላቸው በጣም ይራራቃሉ። በምዕራፉ ውስጥ ይሄን ለማብራራት አንድ ገጽ አለህ፣ በአብስትራክት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለህ። ስለዚህ «ኦድስ ሬሺዮ» ብለህ በስሙ ጥራው፣ «እጥፍ» የምትለዋን ቃል አውጣት።

ውጤቱ ቁጭ ካለ በኋላ ዓላማው ራሱ ይመጣል። ውጤቷ የምትመልሰውን ጥያቄ ጻፍ። «በወር የሚሠራ የሌሊት ፈረቃ ብዛት ከነርሶች የእንቅልፍ ጥራት ጋር ያለውን ግንኙነት መፈተሽ።» ብዙ ሰው እዚህ ቦታ የቴሲሱን አጠቃላይ ዓላማ ገልብጦ ያስገባል፣ «የነርሶችን የሥራ ጫናና ተጽዕኖዎቹን በጥልቀት መዳሰስ» ምናምን እያለ። ያ የሙሉ ቴሲሱ ነው። ይሄ ምዕራፍ የመለሰው ከዛ ውስጥ አንዷን ቁራጭ ብቻ ነው። ገምጋሚ ዓላማህን አንብቦ ቀጥታ ወደ ውጤት ነው የሚዘለው፣ ሁለቱ ካልተገናኙለት እዛው ይተውሃል።

ዘዴው ላይ የምዕራፍ ልዩ ጣጣ አለ። ምዕራፉ ራሱን ችሎ አልተጻፈም። «በምዕራፍ 3 እንደተገለጸው» ብለህ አልፈኸዋል፣ አይደል? ለአብስትራክቱ የሚያስፈልገው ግማሹ ነገር ያለው ምዕራፍ 3 ውስጥ ነው፦ ነርሶቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ መቼ እንደተጠየቁ። ሄደህ አምጣው። በተቃራኒው ደግሞ ከምዕራፍ 3 መምጣት የሌለበት ነገር አለ። ቴሲሱ ውስጥ ከጥቂት ነርሶች ጋር ቃለ መጠይቅ አድርገህ ከሆነና ይሄ ምዕራፍ ካልተጠቀመበት አታንሳው። አንባቢ ዘዴ ውስጥ ያየውን ነገር ውጤት ውስጥ ይፈልገዋል፣ ሲያጣው የደበቅከው ይመስለዋል።

ለኔ ዘዴ ማለት ውጤቷን ለማመን የሚያስፈልገው ብቻ ነው። በምሳሌያችን አራት ነገር ይበቃል፦ ጥናቱ ክሮስ ሴክሽናል መሆኑ፣ ተሳታፊዎቹ በዕጣ መመረጣቸው፣ እንቅልፍ በምን እንደተለካና ምን ዓይነት ትንተና እንደተሠራ። «የእንቅልፍ ጥራት በፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መለኪያ ተለካ፣ ከ5 በላይ ያመጣ ደካማ ተባለ።» መቁረጫዋን ቁጥር እንዳትረሳት። እሷ ከሌለች ውጤት ውስጥ ያለው «ደካማ» ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያውቅም። የሶፍትዌሩ ስም፣ መጠይቁ ስንት ጊዜ እንደተተረጎመ፣ የናሙና ስሌቱ ቀመር ይውጡ። ያማል፣ አውቃለሁ። በተለይ ቀመሩ፣ አማካሪህ ሦስት ጊዜ ያስቀየረህ ከሆነ።

መነሻውን በመጨረሻ ነው የምጽፈው፣ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አላስበልጥም። አንዷ የሚታወቀውን፣ ሌላዋ የጎደለውን ትናገራለች። «እንቅልፍ ለሰው ልጅ ጤና እጅግ አስፈላጊ ነው» ዓይነቱን ተወው። አንድ ጊዜ ረቂቄ ላይ «ከስንት ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ እንደሚበላሽ አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብ ያምራል። ጓደኛዬ አይታ «አንተስ መልሰኸዋል?» አለችኝ። አልመለስኩም። ሰዎቹን 7 ላይ ለሁለት ከፍዬ አወዳደርኩ እንጂ ከስንት እንደሚጀምር አልፈለግሁም። መነሻህ ላይ የከፈትከው ክፍተት ውጤትህ የሚደፍነው ያህል ብቻ ይሁን። ስለዚህ እንዲህ ሆነ፦ «የሌሊት ፈረቃ እንቅልፍን እንደሚያውክ ይታወቃል። በፈረቃ ከሚሠሩ ነርሶች መካከል የሌሊቱ ብዛት ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ግን ብዙም አልተፈተሸም።» ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር የምትጽፋት የራስህ የጽሑፍ ዳሰሳ እውነት ነው ካለህ ብቻ ነው። ማጣቀሻ እዚህ አይገባም።

መደምደሚያው ላይ ምዕራፉን አትመነው። ምዕራፍ ሲያልቅ ሰው ይደክመዋል፣ ትልልቅ ነገር መናገር ይጀምራል። የኔ «የሌሊት ፈረቃ መብዛት የነርሶችን እንቅልፍ ያበላሻል፣ ተቋማት ፈረቃ ሊቀንሱ ይገባል» ይል ነበር። ሁለቱም አይቆሙም። ፈረቃውም እንቅልፉም የተጠየቁት በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠይቅ ነው። የትኛው እንደቀደመ አናውቅም። ምናልባት ድሮም እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ሌሊቱን ራሱ ጠይቆ ወስዶት ይሆናል። ፈረቃ መቀነስንም ማንም አልሞከረውም። ስለዚህ «ያበላሻል» ወጥታ «ተያይዞ ታይቷል» ገባች፦ «በወር ከ7 ሌሊት በላይ መሥራት ከደካማ እንቅልፍ ጋር ተያይዞ ታይቷል። ፈረቃ መቀነስ እንቅልፍን ያሻሽል እንደሆነ በጊዜ ሂደት ክትትል መፈተሽ አለበት።» ግሶቹን አንድ በአንድ እያቸው፦ ያስከትላል፣ ያሳድጋል፣ ይቀንሳል፣ ይጎዳል። ጥናትህ ሙከራ ካልሆነ እነዚህ ሁሉ ይውጡ።

የቃል ክፍፍሉ የምልክበት ቦታ ሌላ ካላለ በግምት እንዲህ ነው፦ መነሻ 40፣ ዓላማ 25፣ ዘዴ 65፣ ውጤት 80፣ መደምደሚያ 40። ውጤት ከመነሻ ቢያንስ እጥፍ ካልሆነ ተመልሼ መነሻውን እቆርጣለሁ። ርዕሶቹ ከ250ው ይቆጠሩ እንደሆነ ደግሞ መመሪያውን እይ፣ አንዳንዱ ቦታ ይቆጥራቸዋል።

ከመላክህ በፊት አትመው፣ እርሳስ ያዝ። እያንዳንዱን ቁጥር ሠንጠረዡ ውስጥ ፈልገህ ከላዩ ምልክት አድርግ። እኔ የያዝኩት ስህተት ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚገኘው፣ በተለይ የተሳታፊው ብዛት ላይ። 412 መጠይቅ ተበተነ፣ 384 ተመለሰ፣ 13ቱ ጎደሎ ስለነበሩ የተተነተነው 371 ነው እንበል። ዘዴው ላይ 384 ጽፈህ፣ ውጤቱ ላይ 168 እና 203 ካልክ ደምሮ የሚያይ አለ፣ 371 ነው የሚመጣለት። ሌላው ልዩነትን ስታሰላ ነው። 66.7 ሲቀነስ 43.8 ስትል 22.9 ይመጣል። ካልተጠጋጋው ቁጥር ስትነሳ ግን 22.8 ነው። መጀመሪያ ቀንስ፣ ከዛ አጠጋጋ። ሠንጠረዥህ ላይ 22.8 ብለህ አብስትራክትህ ላይ 22.9 ካለ፣ ያቺን አንዲት ነጥብ የሚያይ ገምጋሚ ደግሞ ይደርስሃል፣ ለኔ ደርሶኛል።