ሀዋሳ 27 ዲግሪ ነው ብላችሁ ቲሸርት ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ

ለገና ሀዋሳ የምትመጡ ልጆች፣ ስልካችሁ የአየር ትንበያ ላይ 27 እና 10 የሚል ካያችሁ 27ቷን ብቻ ይዛችሁ ሻንጣ አትዝጉ፣ 10ሯም የምሯን ናት። አውሮፓ ክረምት ላይ ሰማዩ ተደፍኖ ስለሚከርም የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ አንዱን ቁጥር አይቶ መልበስ ይቻላል፤ እዚህ በታህሳስ ግን በአንድ ቀን ውስጥ 17 ዲግሪ ልዩነት ብርቅ አይደለም።

ሀዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስላለች ብዙ ሰው በረሃ ትመስለዋለች፣ ግን እኮ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ይላል፣ በበጋ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ደመናም የለም። ቀን ፀሐይዋ መሬቱን ታግለዋለች፣ ጀምበር ስትጠልቅ መሬቱ ያንን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፣ የሚይዝለት እርጥበትም ደመናም ስለሌለ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ያድራል። ደመና ለመሬት እንደ ጋቢ ነው በሉት። ሐምሌ ላይ ብትመጡ ተቃራኒውን ታያላችሁ፣ ቀኑ ያን ያህል አይሞቅም ሌሊቱም ያን ያህል አይበርድም።

አሁን ቁጥሯን እንያት። ትልቋ የምትደርሰው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ትንሿ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ ንጋት 12 ሰዓት ገደማ። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ሐይቁ ዳር ሰርግ ካላችሁ በ10 ዲግሪ አትቀመጡም፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ 19 ወይ 20 ቢሆን ነው፣ ሹራብ ይበቃል። ወፍራም ጃኬት የሚያስፈልገው ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ መንገድ ለሚወጣ ሰው ነው።

አንድ የምታሳስት ነገር አለች፣ ቅዳሜ ጎን የተጻፈችው 10 የቅዳሜ ንጋት ትሁን ለእሁድ የሚያነጋው ሌሊት እንደ አፑ ይለያያል። ቅዳሜን ተጭናችሁ የየሰዓቱን ክፈቱ፣ እዛ ላይ 6 AM የሚለው የኛ ጠዋት 12 ሰዓት ነው፣ 8 PM ደግሞ ማታ 2 ሰዓት (ይሄ ስንቱን ዲያስፖራ እንዳምታታ!)። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ አፑን ወደ ሴልሺየስ ቀይሩት፣ አለበለዚያ 50 ሲል ሞቃት ይመስላችኋል፣ ያቺው 10 ናት።

ቁጥሩ ደግሞ ጥላ ስር፣ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያለው አየር ነው። ቀን 27 ሲል ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ከዚያ በላይ ይሞቀዋል፣ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ሳሩና የመኪናው ጣራ ከ10 በታች ይወርዳሉ፣ ጠዋት መስታወቱ ላይ ጤዛ የምታዩት ለዛ ነው።

ዘመድ ጥየቃ ወደ ሀገረ ሰላም የምትወጡ ከሆነ የሀዋሳን ትንበያ እንዳታምኑ፣ ቦታው ከሀዋሳ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ ሀዋሳ 27 ባለ ቀን እዛ 21 ጠብቁ። የቦታውን ስም ራሱን ጽፋችሁ ፈልጉት፣ ለልጆቹ ደግሞ ኮፍያና ካልሲ ያዙላቸው።