ሰኞ ጠዋት የሚነሣ የሆድ ሕመም

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ባሕር ዳር የምኖር የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤት መሄድ እንቢ ያለችን አንዲት ምናባዊ ልጅ ከሥነ ሕይወት፣ ከአስተሳሰብና ከማኅበራዊ ሁኔታ አንጻር እንድተነትን ታዝዤ ብጽፍም፣ መምህሬ «ይህ ሦስት ጽሑፍ ነው» እያሉ ይመልሱብኛል። ሦስቱን አንጻር ያዘዙት ራሳቸው አይደሉምን? ልጅቷ የ15 ዓመት ናት፤ ከዘጌ መጥታ አክስቷ ዘንድ እየኖረች ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። በእንግሊዝኛ ስታነብ ክፍሉ ስቆባታል። ሰኞ ጠዋት ሆዷን ያማታል፤ አክስቷም ታስቀራታለች፤ አራት ሰዓት ገደማ ሲሻላት ሱቅ ትጠብቃለች። ሁሉንም በየርዕሱ አስፍሬያለሁ። በእውነት ታክቶኛል። ሕመሙ የውሸት ነው ብዬ የሥነ ሕይወቱን ክፍል ባወጣውስ?

መልስ

እንዳታወጪው፣ ልጄ። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ለሽሽት ስለሚዘጋጅ የአንጀት ሥራ ይዛባል፤ ስለዚህ ቁርጠቱ እውነተኛ ነው። ይሁንና በጣና ዳርቻ ላደገች ልጅ ቢልሃርዚያና ጃርዲያ ሩቅ ስላልሆኑ፣ ስለ ፍርሃት ከመጻፍሽ በፊት ሰገራዋ ይመርመር። ሕመሙ ቅዳሜም የሚነሣ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ወይም ክብደት የሚያስቀንሳት ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው።

በግማሽ መስመር ያለፍሽው «አራት ሰዓት» ግን ሦስቱን ክፍሎች የሚያያይዝ ነው። አክስቷ «በይ ዛሬ ቅሪ» ስትላት ፍርሃቱ ይበርዳል፤ ይህ እፎይታ ሰውነቷን መቅረት መድኃኒት እንደሆነ ስለሚያስተምረው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሕመሙ ቀድሞ፣ ምናልባትም እሑድ ማታ ይነሣል። አሉታዊ ማጠናከሪያ የሚባለው ይህ ነው፤ ቅጣት ማለት አይደለም። ባልሄደች ቁጥር ደግሞ «ዛሬም ይስቁብኛል» የሚለው ግምቷ ሳይፈተን ስለሚቀር እንደ እውነት ይጸናል። ሱቁ በበኩሉ ሰው የሚያነጋግራትና ሥራዋ የሚታይበት ቦታ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኪርኒና ሲልቨርማን በ1990 እ.ኤ.አ. እንዳሳሰቡት፣ መጠየቅ ያለበት መቅረቱ ለልጅቷ ምን እንደሚያስገኝላት ነው፤ ያንቺዋ ልጅ ከክፍሉ ዓይን ታመልጣለች፣ በላዩም ሱቁን ታገኛለች።

አክስቲቱን ጥፋተኛ አድርገሽ ከሆነ ግን አልስማማም። የታመመ ልጅ ማስቀረት የማንም እናት ወግ ነው፤ እኔ የምቆጣው ክፍሉ ሲስቅ ዝም ያለውን መምህር ነው፣ እሱን ደግሞ ጨርሶ አላነሣሽውም።

እንግዲህ መፍትሔውንም ከዚሁ አውጪው። ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ልጅቷ ሆዷን እያመማትም ቢሆን ትሂድ፤ መጀመሪያ በምትችለው ትምህርት ክፍለ ጊዜ ትግባ፣ ንባቡን ለብቻዋ ለመምህሩ፣ ቀጥሎ ለአንዲት ጓደኛዋ፣ በመጨረሻም በክፍሉ ፊት ታንብብ። በየጊዜው ከማንበቧ በፊት ስንት ሰው ይስቃል ብላ እንደምትገምት ትጻፍ፤ ኋላም የሆነውን ታስተያይ። ሱቁ ከትምህርት መልስ ብቻ ይሁን። ነገር ግን በመንገድ የሚያስፈራራት ወይም በትምህርት ቤቱ የሚመታት ሰው ካለ፣ ፍርሃቷ ልክ ስለሆነ ይህን እርከን አትጀምሪው፤ መጀመሪያ ያ ሰው ይወገድላት።