ልጅቷ ስለ አደጋው በዝርዝር መናገር ያለባት መቼ ነው?

«ልጄ 8 ዓመቷ ነው። አብረን የተሳፈርንበት ሚኒባስ ከተገለበጠ ሦስት ወር ሆነው። ሌሊት እየጮኸች ትነሳለች፣ ታክሲ አልገባም ትላለች። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ አራት ጊዜ ሄደናል፤ እስካሁን ግን አተነፋፈስና ሥዕል ብቻ ነው። ስለ አደጋው በዝርዝር አላወሩም። ጊዜያችን እየባከነ ይሆን?»

እህቴ፣ በአራተኛው ቀጠሮ ዝርዝሩ ላይ አለመድረሳችሁ አያስደነግጥሽ። ለእንዲህ ዓይነት ልጆች የሚሰጠው ሕክምና፣ ባለሙያዎች ቲኤፍ ሲቢቲ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ ይፈጃል። የመጀመሪያው ሲሶ የሚያልፈው ልጅቷ ፍርሃቷን ራሷ ማብረድ እስክትለምድ ነው። ግን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ባለሙያዋ «ሚኒባሱ የተገለበጠ ቀን» ብላ ነገሩን በስሙ ትጠራዋለች? ዝርዝሩ ይቆይ እንጂ ስሙ ከመጀመሪያው ቀን መነሳት አለበት። አራት ቀጠሮ ሙሉ ካልተነሳ፣ ልጅ የሚገባው ትልልቅ ሰዎችም እንደሚፈሩት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ጭንቅላቷን ተመትታ ከነበረና አሁንም ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማስታወክ ካለ ሐኪም ይያት። የጭንቅላት ጉዳትም እንቅልፍና ትኩረት ያዛባል፤ ከድንጋጤ ጋር ይምታታል።

ሥዕልና አተነፋፈሱ ደግሞ ዝም ብሎ ጨዋታ አይደለም። ልጅቷ ፍርሃቷን ከ0 እስከ 10 በቁጥር መናገር፣ ከዚያም በቀስታ በመተንፈስ ለምሳሌ ከ6 ወደ 3 ማውረድ መቻል አለባት። ይህን በክፍሉ ውስጥም በቤትም ስታደርገው ከታየ፣ ታሪኩን ለመጀመር ዝግጁ ናት ማለት ነው።

ታሪኩ የሚሠራው እንደ ትንሽ መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ ስለ ራሷ ትናገራለች፤ የምትወደውን ምግብ፣ የጓደኛዋን ስም። ቀጥሎ የዚያን ቀን ጠዋት፣ ታክሲ ተራ፣ የት እንደተቀመጠች። መገልበጡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በአንድ ቀጠሮም አያልቅም። በየቀጠሮው የተጻፈውን ደግማ ታነባለች፤ መጀመሪያ 8 ያለችው ቁጥር ቀስ በቀስ እየወረደ ይመጣል። ድንገት ያልታሰበ ነገርም የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ልጅ «እማዬን ቶሎ እንሂድ ያልኳት እኔ ነኝ፣ በኔ ምክንያት ነው» ብሎ ወራት ሊይዘው ይችላል። ያን ጊዜ «አይ፣ አንቺ ምን አደረግሽ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ መሪውን ማን ይዞ እንደነበር፣ ፍጥነቱን ማን እንደሚወስን እየተጠየቀች ራሷ ትድረስበት።

የሕክምናው ፍጥነት መብዛቱ በምን ይታወቃል? ከቀጠሮ በኋላ አንድ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ቢረበሽ ይጠበቃል። ሳምንቱን ሙሉ ከቀጠለ፣ ትታው የነበረው አልጋ ላይ መሽናት ከተመለሰ፣ ወይም ስትናገር ድንገት ፍዝዝ ብላ ስሟ ሲጠራ ካልሰማች ግን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ጥሩ ባለሙያ የመጨረሻውን 10 ወይም 15 ደቂቃ ለጨዋታ ይተዋል፤ ልጅ ፍርሃቱ 8 ላይ እያለ ከክፍሉ አይወጣም።

ታክሲው ላይም እንዲሁ ነው። በአንድ ጊዜ ጎትቶ ማሳፈር ፍርሃቱን ያጸናዋል። መጀመሪያ ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ ታክሲ ሲያልፍ እዩ፤ ቀጥሎ በቆመ መኪና ውስጥ ሞተር ሳይነሳ መቀመጥ፤ ከዚያ ሞተር ተነስቶ፤ ከዚያ ሰው በማይበዛበት ሰዓት አንድ ፌርማታ። በየደረጃው ቁጥሩ ወደ ግማሽ እስኪወርድ ቆዩ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ በጣም ሲያለቅስ ያወርደዋል፣ ልጁም «የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» ብሎ ይማራል። በሌላ በኩል ትርፍ የጫነ ወይም የሚበር ታክሲ ላይ መፍራቷ ትክክል ነው፤ እሱን ልመጂው አትበያት።

ጠያቂ ዘመድ ቡና ላይ «እስቲ እንዴት እንደሆነ ንገሪን» ሲላት አስቁሚልኝ። ከክፍሉ ንግግር ጋር አንድ አይደለም፤ መቼ እንደምትጀምርና መቼ እንደምታቆም እሷ አትወስንም። በስልክ የሚዞር የአደጋ ቪዲዮም እንዳታይ።

አንቺም እዚያው መኪና ውስጥ ነበርሽ። ስለዚህ መጽሐፉ ሲያልቅ ልጅሽ ለአንቺ ከማንበቧ በፊት ባለሙያዋ ለብቻሽ ታንብብልሽ። እንባሽም ያኔ ይምጣ። ልጅ እናቱ ስትንሰቀሰቅ ካየ «እማዬን አመምኳት» ብሎ መናገሩን ያቆማል። የመጀመሪያው ለቅሶ ካለፈልሽ ግን፣ እሷ ስታነብልሽ ዓይን ዓይኗን እያየሽ እስከ መጨረሻው ገጽ ልትሰሚያት ትችያለሽ።