የኪራይ ውሉ በፎቶ መጣልኝ፤ ልፈርም?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ማራኪ ሁለት ክፍል ቤት በወር 7,000 ብር ለአንድ ዓመት ልከራይ ነው። ደላላው ውሉን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከልኝና ነገ ፈርሚ አለኝ። ‹አከ/›፣ ‹ተከ/›፣ ‹ው/ቁ›፣ ‹ፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731፣ 2005፣ 1889፣ 1890› የሚሉ ነገሮች ሞልተውበታል። ታች ላይ ‹ውል አፍራሽ ለመንግሥት 5,000፣ ለውል አክባሪ 30,000 ብር ከፍሎ ውሉ የጸና ይሆናል› ይላል። አጎቴም ዋስ ሆኖ ይፈርማል ተብሏል። ምኑን ልጠንቀቅ?»

መልስ፦ ከፎቶው እንጀምር። አብረው የላኩልኝ ምስል የቀኝ ጠርዙ ተቆርጧል። ሦስት መስመሮች መጨረሻቸው አይታይም፤ አንዱ የብር መጠን የተጻፈበት ነው። የወረቀቱም ጀርባ የለም። ደላላውን «ከነጀርባው፣ አራቱም ማዕዘን እየታየ እንደገና አንሳልኝ» ይበሉት። ቅር ካለው ይበለው። ብሩ በአኃዝም በፊደልም መጻፉን፣ ሁለቱም መመሳሰላቸውን ይዩ። ባዶ የተተወ ቦታ ካለ ከመፈረምዎ በፊት ይሞላ ወይም በሰረዝ ይዘጋ። ለምን እንዲህ እንደምጨቀጭቅ 2005 ላይ ስንደርስ ይገባዎታል።

አህጽሮቶቹ አያስፈሩም። «አከ/» አከራይ፣ «ተከ/» ተከራይ ነው። «ፍ/ብ/ሕ/ቁ» የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር ማለት ነው፤ በ1952 ዓ.ም የወጣው ሕግ። ውል ጸሐፊዎች እነዚህን ቁጥሮች ከድሮ ውል ላይ እየገለበጡ ይደረድሯቸዋል። 1731 በሕግ መሠረት የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል የሚል ነው። ባይጻፍም ይሠራል፣ ስለተጻፈም የሚጨምረው ነገር የለም። እሱን ይለፉት።

2005 ግን ይቆጠቁጣል። የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ስለ ስምምነቱና ስለ ቀኑ ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል። በእርስዎ ውል ላይ ደግሞ «ቤቱን ከነሙሉ ዕቃው በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ፈረሙ እንበል። ስትገቡ የተሰነጠቀ መስታወት አለ፣ የመታጠቢያው ቧንቧ አይሠራም። ስትወጡ አከራዩ «አንቺ ነሽ የሰበርሽው» ቢሉ፣ ጎረቤት ምስክር ጠርቶ «ቀድሞም ተሰብሮ ነበር» ማለት አስቸጋሪ ነው። የፈረሙበት ወረቀት ይቃወምዎታል። ስለዚህ ቤቱን ገብተው ሳያዩ ያቺን ዓረፍተ ነገር አይፈርሙባት። ጉድለቱ በዚያው ላይ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ንባብም እንዲሁ። የቀድሞው ተከራይ ውዝፍ እርስዎ ላይ እንዳይወድቅ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ ገደቡ። 1889 ተዋዋዮች ውሉን ያልፈጸመ ወገን የሚከፍለውን ካሳ አስቀድመው መወሰን ይችላሉ ይላል። ገደብ የምንለው ይኸው ነው። ጉዳት ባይደርስም ይከፈላል። ስለዚህ «ኧረ ለምልክት ነው የሚጻፈው» የሚልዎትን አይስሙ። «ለመንግሥት 5,000» የሚለው የቆየ የውል ጸሐፊ ልማድ ነው፤ መንግሥት የውሉ ተዋዋይ አይደለም፣ እኔን ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ 30,000ው ነው። ከአራት ወር ኪራይ በላይ ነው።

በቁጥር እንየው። አምስት ወር ኖሩ፣ ከዚያ ሥራዎ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና ለቀቁ። የቀሩት ሰባት ወራት ኪራይ 49,000 ብር ነው። አከራዩ «ከፍሎ ውሉ የጸና ይሆናል» የሚለውን ይዘው 30,000 ገደብ፣ በዚያ ላይ 49,000 ኪራይ፣ በድምሩ 79,000 ሊጠይቁ ይችላሉ። የሚገርመው፣ ውሉ ራሱ የጠቀሰው 1890 ይህን አይደግፍም። ባለመብቱ ውሉ ይፈጸምልኝ ማለት ይችላል፣ ገደቡን መጠየቅም ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ግን አይጠይቅም። ሁለቱንም መጠየቅ የሚቻለው ገደቡ ለመዘግየት ወይም ከዋናው ጎን ላለ ተጓዳኝ ግዴታ የተቀመጠ ሲሆን ብቻ ነው። መከራከሪያ አለዎት ማለት ነው። ግን ፍርድ ቤት ተመላልሶ ከመከራከር ዛሬ ቃሉን ማስተካከል ይቀላል። ይህን ያስጨምሩ፦ «ማንኛውም ወገን ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ አሳውቆ ውሉን ቢያቋርጥ ገደብም የቀሪ ጊዜ ኪራይም አይከፍልም።» «ውሉ የጸና ይሆናል» የሚለው ይውጣ፤ ገደቡም ወደ አንድ ወር ኪራይ ይውረድ።

ገደቡ በየትኛው ጥፋት እንደሚመጣም አልተለየም። ያው ውል «ያለ አከ/ ፈቃድ ሌላ ሰው ማሳደር ክልክል ነው» ይላል። ጎንደር ነዎት እኮ! ለጥምቀት ዘመድ ይመጣል፣ ሦስት ሌሊት ያድራል። በጽሑፉ ቃል ከሄድን ይህም ውል ማፍረስ ነው፣ ዋጋውም ያው 30,000። አከራዩ በዚህ ይከሱኛል ብለው ላያስቡ ይችላሉ፤ እኔ የማነበው ግን ተጣልታችሁ የምትገናኙበትን ቀን እያሰብኩ ነው። «ለ3ኛ ወገን ማከራየት ክልክል ነው» ቢባል የአከራዩን ስጋት ይበቃዋል።

የአጎትዎ ነገር ለብቻው ይታይ። ፍ/ብ/ሕ/ቁ 1922 ዋስትና በግልጽ መነገር አለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈም ዋስትናው አይጸናም ይላል። የላኩት ውል ላይ «ለሚደርሰው ሁሉ ዋስ ነኝ» ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ከቀረ አከራዩን አይጠቅምም፣ አጎትዎን ግን ክርክር ውስጥ ይከታል። ልኩ ይጻፍ፣ ለምሳሌ «እስከ ብር 14,000»። «በአንድነትና በተናጠል» የምትል ሐረግ እንዳትገባ ደግሞ አጎትዎ ራሳቸው አንብበው ይዩ። እሷ ካለች አከራዩ እርስዎን ሳይጠይቁ በቀጥታ አጎትዎን መክሰስ ይችላሉ።

ስለ «ው/ቁ»። እዚህ ቦታ ላይ የውክልና ቁጥር ነው፤ ፈራሚው የቤቱ ባለቤት ሳይሆን ወኪል ነው ማለት ነው። ውክልናውን በዓይንዎ ይዩ፣ በባለቤቱ ካርታ ላይ ካለው ስም ጋር ያመሳክሩት። በጠቅላላ ውክልና ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ኪራይ መዋዋል ይቻላል፤ ስለዚህ ለአንድ ዓመት ልዩ ውክልና የግድ አይደለም። ነገር ግን ኪራዩን ማን እንደሚቀበል ይጻፍ፣ ከተቻለ ከነባንክ ሒሳብ ቁጥሩ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ውሉ የሚጠይቅዎት የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያን በሁለት ወር ይገድባል፤ ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ከክልል ከተሞች በየትኞቹ እንደሚሠራ ግን የሚወስነው ክልሉ ነው። አከራዩ ላይ አዋጅ ከመጥቀስዎ በፊት ክፍለ ከተማዎ ሄደው የቤት ኪራይ ውል እየተመዘገበ እንደሆነ ይጠይቁ። እየተመዘገበ ከሆነ 21,000 ሳይሆን 14,000 ብር ይዘው ይሂዱ። ካልሆነም በሁለት ወር መደራደር ይችላሉ፤ የሰጡት ብር ግን በውሉ ላይ «ተቀብያለሁ» ተብሎ ይጻፍ፤ በደላላ እጅ ባዶውን እንዳይሄድ።