ከ«ይቅርታ» በኋላ የጎደለው ግስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ለአለቃዬ ንግግር እያዘጋጀሁ ነው። ሙሉውን ልጻፍለት ወይስ ነጥብ ነጥቡን ብቻ ላስይዘው?» ትላለች። በሁለት መስመር ልመልስላት ቁጭ አልኩ። አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝና ሁለቱ መስመር እምቢ አለኝ።

ያኔ ንግግር የምጽፍለት ሰው የአንድ ድርጅት ኃላፊ ነበር። ጨዋታ ያውቃል፤ ሲያወራ ሰው ከቦት ይውላል። ወረቀት ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉንም ጻፍኩለት፤ ሥራ የጀመረ ቀን የገጠመውን ሳይቀር። የገዛ ታሪኩን እንደ ዜና አነበበው። ቀልዱ ላይ እንኳ ቀና አላለም። ከመድረክ ሲወርድ «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታስረኝ» አለኝ።

እልህ ያዘኝ። ቀጣዩን ንግግር በ7 ነጥብ ጨረስኩት፤ ግማሽ ገጽ አልሞላም። ንግግሩ ግን ቀላል አልነበረም። አንድ ክፍል ሊዘጋ ነው፤ 43 ሰዎች ሥራቸውን ሊያጡ ነው። ፊታቸው ቆሞ የሚነግራቸው እሱ ነው። አምስተኛው ነጥብ ላይ የጻፍኩለት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ይቅርታ»።

እስከ አራተኛው ጥሩ ሄደ። ከዚያ ወረቀቱን አየና ዝም አለ። «ይቅርታ...» አለ። እንደገና ዝም። «ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ... ያው ይቅርታ መባባል ጥሩ ነው።» ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። የደስታ ሳቅ አይደለም። ቁጥሩንም አልጻፍኩለትምና «አርባ፣ ሃምሳ የምትሆኑ ሰዎች» አላቸው። እዚያው ተቀምጠው እርስ በርስ በስም የሚተዋወቁትን ሰዎች! ፊት ረድፍ ላይ የነበረች ሴት ደብተሯን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት እስካሁን ይታየኛል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ረቂቁ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ነበረኝ። «ይህን ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባ ነበር። አልነገርኳችሁም። ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ።» ገጹ እንዲያጥርልኝ ብዬ አጠፋሁት።

በእኛ ቋንቋ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ማን እንዳደረገው፣ ይደረግ አይደረግ፣ መቼ እንደሆነ፣ ሁሉም እዚያ ተሸክፏል። «ይቅርታ» ብለህ ስትተውለት ከባዱን ሥራ መድረክ ላይ ለቆመ፣ ለደነገጠ ሰው ጣልክበት። እጠይቃለሁ ይበል? እንጠይቃለን? ይጠየቃል? የደነገጠ ሰው ማንንም የማያስጠይቀውን ይመርጣል። ስለዚህ ግሱ ሰውን የሚያስጠይቅበት ቦታ ሁሉ ሙሉውን ይጻፍ፦ ይቅርታ፣ ቃል መግባት፣ እምቢታ። ስምና ቁጥርም እንደዚያው።

ተናጋሪው የኖረበትን ግን ተዉለት። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ታሪኩን ያለ ወረቀት ሁለት ጊዜ እንዲያወራልኝ እጠይቀዋለሁ። ሁለቴም ቅደም ተከተሉ ካልተዛባበት ነጥብ ይበቃዋል። በሁለተኛው ከተምታታበት የሚምታታበትን ቦታ ብቻ እጽፋለሁ። ነጥቡም «የመጀመሪያ ቀን» አይባልም፤ ያ ርዕስ ነው። «ቁልፉን ረስቼ በር ላይ ቆምኩ» ይባል፤ ምስል ከሆነ አፉ ይከተለዋል።

ታሪክ በፍጹም አይጻፍ እያልኩ ነው የኖርኩት። እውነቱን ለመናገር የታሪኩን መጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሁሌ እጽፋለሁ። ካልጻፍኩት ተናጋሪው መውጫው ይጠፋውና ይዞራል፣ ይዞራል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «መግቢያውን ማንም ያገኛል፤ መውጫ በሩን ጻፍለት» ይለኝ ነበር። ሳቅኩበት፤ ልክ ነበር።

ሌላው ችግር መሻገሪያው ነው። ሰው በቃሉ እያወራ ቆይቶ ወደ ንባብ ሲመለስ ድምፁ ይወድቃል፤ አድማጩም «አሁን ማንበብ ጀመረ» ይላል። ለዚህ የማደርገው፣ ሙሉውን የጻፍኩትን ክፍል የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በጣም አሳጥራለሁ፤ አራት፣ አምስት ቃል። አንዴ አይቶት ቀና ብሎ ይለዋል። ከዚያ ቢያነብም ማንም ልብ አይለውም። አንድ ዓረፍተ ነገርም ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር። ግሱ ማዶ ቀረ ማለት ነው።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ሁሉን ስልክ ላይ ትጽፋላችሁ። ንግግሩ መሃል ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሲል ጣታቸው የሚንቀጠቀጥ ተናጋሪዎች አይቻለሁ። ወረቀት አትናቁ። ይህን ያልኩት ስላረጀሁ ይሆናል።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ የላክሽልኝን ረቂቅ አየሁት። የአለቃሽ የልጅነት ታሪክ ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፏል። ለተጎዱት ሰዎች የሚገባው ቃል ግን አንድ ነጥብ ነው፤ «ካሳ» ይላል። ገልብጪው። ማን ይከፍላል፣ ለማን፣ እስከ መቼ? ከነግሱ ጻፊና ነገ ጠዋት ላኪልኝ።