በአስትሮላብ ሰዓትና ኬክሮስ ማውጣት

«አስትሮላብ ሰዓት የሚናገረው እንዴት ነው? ለየአገሩስ ለምን ሌላ ሳህን ይገባበታል?»

አስትሮላብ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ ክብ የጥንት መሣሪያ ነው። ከቀለበቱ አንጠልጥለው። ከጀርባው ያለውን ማነጣጠሪያ እያዞርክ የፀሐይ ጨረር በሁለቱም ቀዳዳዎች እንዲያልፍ አድርግ (ፀሐይን በዓይንህ እንዳታይ)። ጠርዙ ላይ የምታነበው ዲግሪ የፀሐይ ከፍታ ነው።

ካይሮ ላይ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ጠዋት 38 ዲግሪ አገኘህ እንበል። ፊት ለፊት ያለውን የከዋክብት መረብ አዙረህ የዕለቱን የፀሐይ ቦታ በምሥራቅ በኩል ካለው የ38 መስመር ላይ ስታሳርፈው በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ገደማ ይሆናል። የከፍታ መስመሮቹ ሳህኑ ላይ የተቀረጹት ለካይሮ ኬክሮስ፣ ለ30 ዲግሪ፣ ስለሆነ፣ ሌላ ኬክሮስ ላይ ያው ሳህን የተሳሳተ ሰዓት ይሰጥሃል።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ግን በዚህ መንገድ ሰዓት አትፈልግ። በዚያ ዕለት ከ5 እስከ 6 ሰዓት ፀሐይዋ የምትጨምረው 3 ዲግሪ ብቻ ነው፤ የ1 ዲግሪ ስህተት 20 ደቂቃ ያህል ያዛባል። ለኬክሮስ ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ከፍታው መጨመሩን ሲያቆም 60 ካነበብክ፣ 90 ሲቀነስ 60፣ ኬክሮስህ 30 ነው። በሌላ ቀን የዕለቱን የፀሐይ ዝንባሌ፣ ማለትም ፀሐይ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የራቀችበትን ዲግሪ፣ ማስላት አለብህ።