«ደህና ነበር» ካሉሽ በኋላ

«ሒሳብ ክፍል ሥራ ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ። ከባልደረቦቼ ጋር ጨዋታ እጀምራለሁ፤ "ደህና ነበር" ይሉኛል፣ እዚያው ያልቃል። ወሬ የሚወድ ሰው ሲይዘኝ ደግሞ መውጫው ይጠፋኛል። ኃላፊዬን ሊፍት ውስጥ ላለማግኘት ደረጃ እወጣለሁ። አባቴ "ወሬ ደሞዝ አይጨምርም፣ ሥራሽን ሠርተሽ ማስተርስሽን ተማሪ" ይለኛል። የንግግር ሥልጠና ከፍዬ ልግባ ወይስ ምን ይሻለኛል?»

አባትሽ እዚህ ላይ ተሳስተዋል። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ኦዲተር ነበርኩ። ኦዲተር ማለት ሰው በማይፈልግበት ሰዓት ደርሶ፣ ለማሳየት የማይጓጓለትን ሰነድ የሚጠይቅ ሰው ነው። ቀደም ሲል ሁለት ደቂቃ ያጫወትሽው ሰው ፋይሉ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይነግርሻል። ያላጫወትሽው «በደብዳቤ ይጠየቅ» ይልሻል። የአንቺም ሥራ ከዚህ አይርቅም፤ የጎደለ ደረሰኝ ይዞ የሚመጣው ሰው ነው። ማስተርሱ ይቆይ።

አሁን ወደ ዋናው። ችግርሽ ጨዋታ መጀመሩ ላይ አይደለም፤ እሱንማ ጀምረሻል። የሚቋረጥብሽ መልሱ ከመጣ በኋላ ነው። «ቅዳሜና እሁድ እንዴት ነበር?» ሲባል ሰው «ደህና» ብሎ ማለፍ ይችላል። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ አስቦ መመለስ አድካሚ ነው። ጠበብ አድርጊው። «ቅዳሜና እሁድ አረፍሽ ወይስ ሥራ ላይ ነበርሽ?» ብትያት ከ«ደህና» የዘለለ ነገር ትላለች።

ባልደረባሽ «የምን ዕረፍት! ቤት ስንቀይር ዋልን» አለችሽ እንበል። የሚያዘው ነገር «ቤት ስንቀይር» የሚለው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። «እኔም አምና ቀይሬ እንዴት እንደተሰቃየሁ!» ብሎ ጨዋታውን ወደ ራሱ ይወስደዋል፤ ወይም «ኪራዩ ስንት ነው?» ብሎ ገመና ውስጥ ይገባል። አንቺ እሷ ባለችው ላይ ቆይ። «ኧረ! የቱ ከበደ፣ ማሸጉ ነው መፍታቱ?» በያት። «ማሸጉስ ይሁን፣ አሁን የልጁ ጫማ የት እንደገባ ጠፋን» ትልሻለች። ይኼኔ ሁለታችሁም መሳቅ ትጀምራላችሁ።

የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ሰው በተናገረው ላይ ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው ይበልጥ ይወደዳል። ግን ገደብ አለው። ከሁለት ጥያቄ በኋላ የራስሽንም ትንሽ ስጪ፣ አለዚያ ምርመራ ይመስላል። (ከኦዲት ክፍል የመጣን ሰዎች ይህን በደንብ እናውቃለን።) «እኔ ስቀይር ካርቶኑ ላይ ምን እንዳለበት ስላልጻፍኩ ሁሉንም ስከፍት አመሸሁ» ይበቃል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር። አንቺም ስትጠየቂ «ደህና» ብለሽ አትዝጊባቸው። ሰው የሚይዘው ነገር ጨምሪበት፦ «ደህና ነበር፣ እህቴ መጥታ ስንስቅ ዋልን»።

ከማታውቂው ሰው ጋርም ያው ነው፤ የሚለየው መነሻው ነው። ሁለታችሁም ፊት ካለው ነገር ጀምሪ፦ ሰልፉ፣ የዘገየው ስብሰባ፣ የማይሠራው ማይክ። መልሱ አንድ ቃል ከሆነና መልሶ ካልጠየቀሽ ተዪው። ማውራት አልፈለገም፣ አንቺን ጠላሽ ማለት አይደለም።

መውጫው ላይ ሁላችንም ደካሞች ነን። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ሁለቱም ሰዎች በፈለጉት ሰዓት ያለቀው ጭውውት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እያንዳንዱ የሌላውን ፍላጎት መገመት ስለማይችል ሁለቱም ዝም ብለው ይቀጥላሉ። ስለዚህ ቀድመሽ ብትዘጊው ነውር የለውም። እስኪደክምሽ አትጠብቂ፣ ሳቅ ካለ በኋላ ያለችውን ክፍተት ተጠቀሚ። መጀመሪያ «በይ እንግዲህ» በይ፤ ይህ መሄድሽን ያሳውቃል። ከዚያ እውነተኛ ምክንያት በአጭሩ፣ ከዚያ እሷ ካለችው አንድ ነገር፦ «በይ እንግዲህ፣ ይህን ሪፖርት ከምሳ በፊት ልጨርስ። ጫማው ሲገኝ ንገሪኝ።» ብለሽ ሂጂ። ተሰናብቶ መቆም ነው የሚጎዳው፤ ቆመሽ ከቀረሽ ጨዋታው እንደገና ይነሳል። ሥራ ከሌለሽ ሥራ አትፍጠሪ፣ ወንበርሽ ላይ ሲያገኙሽ ታፍሪያለሽ። «ደስ አለኝ ስላጫወትሽኝ፣ ልመለስ» ብቻውን ይበቃል።

ኃላፊሽን ሊፍት ውስጥ ስታገኚ ሰላምታና አንድ ጥያቄ በቂ ነው፤ ፎቁ ራሱ ይዘጋልሻል። ለሥልጠናው ገንዘብሽን አታውጪ፣ ቢያንስ ይህን ለሁለት ወር እዚያው ቢሮሽ ሳትሞክሪ።